ጎንደር ላይ እሺ፣ ባሕር ዳር ላይ እምቢ

ጥያቄ፦

«ሰላም ዶክተር። 33 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ዳቦ ቤት ነው የምሠራው፤ ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት በአላርም እነሳለሁ። ካገባሁ ዓመት ከግማሽ ሆነኝ። ጥር ላይ ከሠርግ ጠጥቼ የገባሁ ቀን ከባለቤቴ ጋር አልሆነልኝም። ከዚያ ወዲህ ሲጀመር ይቆማል፣ ወዲያው ይተኛል። ጠዋት ስነሳም እንደ ድሮው አይቆምም። ጓደኛዬ ‹ጠዋት ካልቆመ ደም ሥርህ ተበላሽቷል ማለት ነው› አለኝ። ከፋርማሲ ክኒን ገዝቼ አንዴ ሠራልኝ። የሚገርመኝ ሚያዝያ ላይ ለዘመድ ሠርግ ጎንደር ሄደን ሁለት ሌሊት ሆቴል አደርን፤ ያለ ክኒን ምንም አልሆንኩም። ቤት ስንመለስ እንደገና እምቢ አለ። የምንኖረው እናቴ ግቢ ውስጥ ነው፣ ክፍላችን ከእሷ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ታስሮብኝ ይሆን? ወይስ የአካል በሽታ ነው?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ከጻፍከው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው ጎንደር ላይ ነው። አንተና ጓደኛህን ያስጨነቃችሁ የጠዋቱ ነገር ነው። እኔ ግን ከጎንደር ልጀምርና ወደ ጠዋቱ ልምጣ።

ብልት የሚቆመው በደም ነው። ስሜት ሲመጣ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። በብልት ውስጥ ያሉት ጡንቻዎች ይላላሉ፣ ደም አምጪዎቹ ሥሮች ይሰፋሉ፣ ደም ይሞላል። ሲሞላ ደግሞ ደም የሚመልሱትን ሥሮች ይጫንና መውጫውን ይዘጋል። ጥንካሬውን ይዞ የሚቆየው በዚህ ነው። እንግዲህ ነርቩም፣ አምጪውም፣ መላሹም ሥር ጎንደር ላይ ሁለት ሌሊት ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል። በስኳር ወይም በደም ግፊት የተጎዳ ሥር አዘዞን ሲያልፍ ድኖ፣ ባሕር ዳር ሲገባ አይታመምም። የተጎዳ ሥር ቦታ አይመርጥም። ቤትም፣ ሆቴልም፣ ከማንም ጋር፣ ብቻህንም ብትሆን ያው ነው።

ስለዚህ እኛ ሐኪሞች ይህን ዓይነት ታሪክ ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ?» ብለን ነው። አንዳንድ ቦታ ሠርቶ ሌላ ቦታ እምቢ የሚል ከሆነ፣ ዋናው ምክንያት ጭንቀት የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ያንተ ታሪክ ወደዚያው ያጋድላል።

አሁን ወደ ጠዋቱ። ጓደኛህ የነገረህ ግማሹ እውነት ነው። ጤነኛ ወንድ ተኝቶ እያለ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይቆምለታል፤ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ከ20 ደቂቃ በላይ ይቆያል። ይህ የሚሆነው በአብዛኛው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። የወሲብ ሕልም መሆን የለበትም፤ እርሻ ስታርስ ብታልምም ያው ነው። ጠዋት ስንነቃ የምናየው ከእነዚህ የመጨረሻውን ነው። ብዙ ሰው ፊኛ በሽንት ስለሞላ ነው ይላል፤ ሽንቱ ሊያነቃህ ይችላል እንጂ የሚያቆመው እሱ አይደለም።

ይህ የእንቅልፍ መቆም ለእኛ ትልቅ ፍንጭ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ተኝተህ ማንም አያይህም፣ ማንም አይጠብቅህም፣ አንተም ራስህን አትከታተልም። ጭንቀቱ ከመንገድ ይወጣና ነርቩና ደም ሥሩ ብቻቸውን ይቀራሉ። በእንቅልፍ ጠንክሮ ከቆመና ለጥቂት ደቂቃዎች ከቆየ፣ ዕቃው ደህና ነው ማለት ይቻላል።

ጓደኛህ የሳተው ግን አንድ ነገር አለ። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ እኩል አይከፋፈልም። መጀመሪያ ላይ አጭር ነው፤ እየነጋ ሲሄድ ይረዝማል። አንተ 4 ሰዓት ተኝተህ 9 ሰዓት ትነሳለህ። አምስት ሰዓት ብቻ! ሌላው ሰው ረጅሙን ሕልሙን የሚያይበት ሰዓት ላይ አንተ ሊጥ ትደበድባለህ። በዚያ ላይ የሚያነቃህ አላርም ነው። አላርም ከከባድ እንቅልፍ ካወጣህ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ቆሞልህ የነበረ ቢሆን እንኳ አታውቀውም። ስለዚህ በሥራ ቀን ጠዋት ያላየኸውን ነገር «የለም» ብለህ አትመዝግበው። ያልታየና የሌለ ለየቅል ናቸው።

ይህን ራስህ ልታጣራው ትችላለህ። የዕረፍት ቀንህን ጠብቅ። ማታ መጠጥ አትቅመስ፤ አልኮል ይህን እንቅልፍ ይቆርጠዋል። በጊዜ ተኛ፣ አላርሙን አጥፋ፣ ሰውነትህ በቃኝ ብሎ እስኪነቃ ተኛ። ስትነቃ፣ ወይም ሌሊት ለሽንት ስትባንን፣ እንዴት እንደሆነ ልብ በል። ማየት ያለብህ ትንሽ ማበጡን አይደለም፤ ጥንካሬውን ነው። ለግንኙነት የሚበቃ ጥንካሬ ነው ወይ? ጥቂት ደቂቃ ይቆያል ወይ? አንድ ቀን ብቻ አይተህ አትፍረድ፤ አራት አምስት የዕረፍት ቀን ተከታተል። በየአሥር ደቂቃው እየነቃህ እንዳትፈትሽ ግን አደራ። እንቅልፉ ከሌለ ፈተናው የለም።

ድሮ መሣሪያ ሳይስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ፣ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች የፖስታ ቴምብር ይጠቀሙ ነበር። ያልተነጣጠሉ ቴምብሮችን በብልቱ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያጣብቁና ሰውየው ይተኛል። ጠዋት ቴምብሮቹ በቀዳዳቸው መስመር ተቀደው ከተገኙ፣ ሌሊት ቆሟል ማለት ነው። ይህን የምነግርህ እንድትሞክረው አይደለም። ቴምብሩ መወፈሩን ይናገራል እንጂ መጠንከሩን አይናገርም፤ ሰው ሲገላበጥም ሊቀደድ ይችላል። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ጥንካሬውን ጭምር መለካት የጀመሩት ለዚህ ነው። ላንተ ግን የዕረፍት ቀን እንቅልፍህ ይበቃል።

የጠዋቱ ፍንጭ ሌላም ገደብ አለው። ድብርት ያለበት ሰው፣ ከባድ ማንኮራፋት ያለበትና በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው፣ የወንድ ሆርሞኑ ያነሰ ሰው፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው የእንቅልፍ መቆሙ ሊቀንስ ይችላል፤ ደም ሥሩ ደህና ሆኖ ሳለ። በሌላ በኩል በአንዳንድ የነርቭ ሕመሞች ጠዋት ቆሞ ሳለ ለግንኙነት ሲፈለግ ሊያስቸግር ይችላል። ስለዚህ ጠዋቱን ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አስተያየዋለሁ እንጂ ብቻውን አልፈርድበትም።

ከሌሎቹ ምልክቶች ደግሞ አጀማመሩን አያለሁ። ያንተ የተጀመረበት ቀን ይታወቃል። የጥር ሠርግ፣ መጠጥ፣ ድካም። የዚያን ቀን የሆነው ማንንም የሚያጋጥም ነው፤ አልኮል ሲበዛ ነርቩ ይደነዝዛል። ችግሩ የመጣው በሚቀጥለው ሌሊት ነው። ከባለቤትህ ጋር ስትተኛ ልብህ ግማሹ እሷ ጋር፣ ግማሹ «ዛሬስ?» የሚለው ላይ ሆነ። ትንሽ ላላ ሲል ደነገጥክ። ድንጋጤ አድሬናሊን ይለቃል፣ አድሬናሊን ደግሞ እነዚያን መላላት የነበረባቸውን ጡንቻዎች ያኮማትራል። ደም መግባቱ ይቀንሳል፣ የተቆለፈው መውጫ ይከፈታል። «ሲጀመር ይቆማል፣ ወዲያው ይተኛል» ያልከው ይሄው ነው። ስሜቱ ያመጣውን ፍርሃቱ ወሰደው። ስለዚህ «ከሐሳብ ነው» ስልህ «የለብህም» ማለቴ አይደለም። አድሬናሊኑ እውነተኛ ኬሚካል ነው፤ ሥራውንም ይሠራል። ተቆጣ፣ ወንድ ሁን፣ ቻለው ስለተባለ የሚተወው ነገር አይደለም።

መላሽ ሥሮቹ ሳይዘጉ ቀርተው ደም የሚያመልጥበት የአካል ችግርም አለ። እሱም «ቆሞ ይተኛል» ያሰኛል። ልዩነቱ፣ እሱ ጎንደርም ላይ ያመልጣል። ብቻህን ስትሆንም ያመልጣል። «ብቻህን ስትሆንስ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለሐኪም በጣም ይጠቅማል፤ አንተ አልጻፍከውም፣ ብዙ ሰውም አያነሳውም። እኔ የምጠይቅህ ለፍርድ አይደለም። ብቻህን ሆነህ ጠንክሮ የሚቆምና የሚቆይ ከሆነ ከጎንደሩ ጋር ተደምሮ ትልቅ ማስረጃ ነው። ብቻህንም ሆነህ እምቢ ካለ አመለካከቴን እለውጣለሁ።

የአካሉ መንገድ ምን እንደሚመስል እንድታውቅ አንድ ሌላ ሰው ላንሳልህ። ሃምሳ ያለፈው ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር ስለ ቤት ሥራ ገንዘብ ተጣልተው ነበርና ችግሩን ከጠቡ ጋር አያይዞት መጣ። መቼ እንደጀመረ ስጠይቀው ቀን መጥቀስ አልቻለም። «ቀስ በቀስ ነው፣ ሁለት ዓመት ይሆነዋል» አለኝ። መጀመሪያ ጥንካሬው ቀነሰ፣ ከዚያ መቆየት አቃተው፣ ከዚያ ጠዋትም ጠፋ። ቦታ ቢቀይርም ለውጥ የለም፤ ስሜቱ ግን እንዳለ ነው። ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደሚነሳ ስጠይቀው ሦስት አራት ጊዜ ነው አለ፤ ውኃ ጥሙንም ከባሕር ዳር ሙቀት ቆጥሮት ነበር። ስኳሩ ሲለካ ከ200 በላይ ወጣ። ጠቡ እውነት ነበር፤ በሽታው ግን ከጠቡ ይቀድማል። ቀን የማይጠቀስለት፣ ቀስ እያለ የሚብስ፣ ቦታ የማይመርጥ፣ ጠዋትንም የሚወስድ ሲሆን ደም ሥርንና ነርቭን ነው የምፈልገው።

አንተም ብትሆን ምርመራውን እንዳትዘልለው። ብልትን የሚመግቡት ሥሮች ስፋታቸው ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ነው፤ የልብ ሥሮች ከሦስት እስከ አራት። ስብና ጉዳት ቀጭኑን ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ የመቆም ችግር አንዳንዴ የልብ ሕመም ከመታየቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። ትንሽ የአካል ድክመት ይጀምረዋል፣ ጭንቀቱ ያባብሰዋል።

የሚያስፈልግህ ብዙ አይደለም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን፣ ወይም ቅርብህ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደም ግፊትህን ተለካ፤ በተደጋጋሚ ከ140 በ90 ጀምሮ ከሆነ ግፊት ነው። ስኳርህን ባዶ ሆድህን ተለካ፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከወጣ ስኳር አለብህ። ባዶ ሆድ ስልህ የቤተ ክርስቲያኑን ጾም አይደለም። ከውኃ በቀር ቢያንስ 8 ሰዓት ምንም አለመቅመስ ነው። አንተ ደግሞ ከሌሊት ጀምሮ ምጣድ አጠገብ ስለሆንክ፣ የጎህ ሲቀድ ስኳር የበዛበት ሻይህንና ትኩሱን ዳቦ ቀምሰህ ብትሄድ ውጤቱ ያሳስትሃል። የዕረፍት ቀንህን ምረጥ። የሚቻል ከሆነ የደም ቅባትም ይታይልህ። የወንድ ሆርሞን ምርመራ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ፍላጎትህ ራሱ ከጠፋ ነው፤ አንተ ፍላጎት እንደሌለህ አልጻፍክም። የምትወስደው መድኃኒት ካለ፣ የግፊትም የአእምሮም፣ ለሐኪሙ ንገር። ሲጋራና ጫትም ካለ አትደብቀው።

ስለ ክኒኑ። አንዴ መሥራቱ የችግሩን ምንጭ አይነግርህም፤ ሲልዴናፊልን የመሰለ የመቆም ክኒን ምንጩ ጭንቀት ቢሆንም አካል ቢሆንም ሊሠራ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ኪሱ ውስጥ መኖሩ ብቻ ልቡን ያረጋጋለትና ሳይውጠው ይሆንለታል። እኔ የሚያሳስበኝ ሳይመረመሩ መግዛቱ ነው። ለደረት ሕመም ናይትሬት የሚባለውን መድኃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር ክኒኑ ሲገናኝ ግፊቱን በአንዴ ጥሎ ሊገድል ይችላል። ላንተ ይህ አይመስለኝም፤ ግን ለጓደኛ «ለእኔ ሠርቶልኛል» ብለህ እንዳታካፍል።

«ታስሮብኝ ይሆን?» ላልከው። ጥያቄህን አልንቀውም፤ እዚህ ሀገር ብዙ ወንድ ቤቱ እምቢ ብሎት ውጭ ሲሠራ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ልብ ብትል የምታዩት ምልክትና እኔ የማየው ምልክት አንድ ነው፦ ቦታ መምረጡ። እኔ ግን በሁለቱ ቦታ መካከል የተለወጠውን እቆጥራለሁ። ጎንደር ላይ አላርም የለም። የ9 ሰዓት ሥራ የለም። በግድግዳው ማዶ የምትሳል እናት የለችም። ቤት ግን ድምፅ እንዳይሰማ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ሰዓቱን እያሰብክ፣ የጥርን ሌሊት እያስታወስክ ነው። ጠበል መግባት ከፈለግክ ግባ፤ እምነትህ ነው። ምርመራውን ግን አይተካውም። «ታስሬያለሁ» የሚለው ፍርሃትም ራሱ አድሬናሊን እንደሚያመነጭ እወቅ።

ምርመራህ ደህና ከሆነ የማደርገውን ልንገርህ፤ ሕክምናም ፈተናም ነው። ከባለቤትህ ጋር ተነጋግራችሁ ለሦስት ሳምንት ያህል ግንኙነት እንዳይኖር ተስማሙ። ጭራሽ። መተቃቀፍ፣ መዳሰስ፣ መሳሳም ይኑር፤ መጀመሪያ ብልትና ጡት ሳይነካ፣ እየቆየ ሲሄድ እነሱም ይጨመሩ። ቢቆምም አትሞክሩ፤ ቢተኛም ምንም አታድርጉ። መቆሙን የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ይነሳል። ተኝቶ ተመልሶ ሲነሳም ታያለህ፤ የፍርሃቱን ጉልበት የሚሰብረው ይህ ነው። ከሥራ በፊት ባለው ማታ ሳይሆን በዕረፍት ቀንህ፣ እናትህ ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ይሁን። አልጋውን ከጋራው ግድግዳ አርቁት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ያንተ ታሪክ ውስጥ ግን ግድግዳው ትንሽ ነገር አይደለም።

ለባለቤትህ ሳትናገር ይህን አትጀምር። ሴት በዚህ ጊዜ የምታስበው ወይ «ጠላኝ» ወይ «ሌላ አለው» ነው። «ጥር ላይ ደንግጬ ነው፣ አንቺን በማየት አይደለም» ብትላት ለሁለታችሁም ይቀላል።

እነዚህ ከታዩ ግን አትጠብቅ፦ በዕረፍት ቀን ጠግበህ ተኝተህም በተደጋጋሚ ጠንካራ መቆም ካጣህ፣ ብቻህንም እምቢ ካለ፣ ፍላጎትህ ከጠፋ፣ ብልትህ ከደነዘዘ ወይም ሲቆም ከጎበጠና ካመመህ፣ ውኃ ጥምና ሽንት ከበዛብህ፣ ዱቄት ተሸክመህ ደረጃ ስትወጣ ደረትህን ከያዘህ። የመጨረሻው ከሆነ በዚያኑ ቀን ሂድ፤ ክኒኑንም አትንካ።

ግፊትህንና ስኳርህን ተለክተህ ቁጥሮቹን ጻፍልኝ። የዕረፍት ቀን ጠዋቶችህ እንዴት እንደነበሩና ብቻህን ስትሆን እንዴት እንደሆነም አብረህ ጻፍ፤ ከሁሉ የጎደለኝ እሱ ነው።